ሳንድዊቹ ምን በደለ?

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ አርትስ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የካርቱን ፊልም ለቀቀ። ድምፁ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የብሬኔ ብራውን ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ቀበሮ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃለች። ድብ መሰላሉን ወርዶ አጠገቧ ይቀመጥና ያለችበትን እንደሚያውቀው፣ ብቻዋንም እንዳልሆነች ይነግራታል። ሌላ ቀንዳም እንስሳ ደግሞ ከላይ አንገቱን አስግጎ ነገሩ መክፋቱን ይናገርና ሳንድዊች ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል። ድቡ ኢምፓቲ ነው፣ ቀንዳሙ ሲምፓቲ። ፍርዱም ገና ከጅምሩ ተሰጥቷል፤ ኢምፓቲ ሰውን ከሰው ያገናኛል፣ ሲምፓቲ ይለያያል።

ይህ ትምህርት ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየድርጅቱ የሥልጠና አዳራሽ ይሰጣል። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች ሐዘን የደረሰበትን ባልደረባ እንዴት መርዳት እንደሚገባ ሲያስተምሩ ኢምፓቲን ከላይ፣ ሲምፓቲን ከታች ያስቀምጣሉ። ራስህን በእሱ ቦታ አስቀምጥ፣ የሚሰማውን ተሰማ፣ ይህንኑም ንገረው ይላሉ። «አይዞህ» ማለት ስሜትን ማፈን ነው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለት ደግሞ ከአንገት በላይ የሆነ የወግ ንግግር ነው ይባላል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በየወሩ ለእድር የሚያዋጣ፣ ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚሸከም፣ ሐዘን ቤት ንፍሮ የቀመሰ ሰው ነው። ከእናቱ የተማረው ነገር ሁሉ ዝቅተኛ ደረጃ እንደሆነ ሲነገረው ግን ማስታወሻ ይይዛል እንጂ አይከራከርም።

እኔ እከራከራለሁ። ሐዘንተኛ ባልደረባን በሥራ ቦታ መርዳት ላይ ቀንዳሙ ከድቡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከሐዘኑ ውጭ ቆሞ፣ ሐዘኑ የሌላ ሰው መሆኑን አውቆ፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ ምግብ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ሐዘን ቤት እሳት በማይነድበት፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ በመሶብ ይዞ በሚገባበት አገር ያደገ ሰው ያንን ሳንድዊች እንደ ስድብ ሊያየው አይገባም ነበር።

ብራውን ልክ የሆነችበትን ቦታ አልክድም። በፊልሙ ውስጥ «ቢያንስ» ብሎ የሚጀምር ማጽናኛ ማንንም እንደማያጽናና ታሳያለች። እኛም ዘንድ ይህ ችግር አለ። «እንኳን አልጋ ላይ አልቆዩ»፣ «እሳቸው እኮ ጠግበው ነው የሄዱ»፣ «አንቺ እንኳ ሌሎች ልጆች አሉሽ» የሚሉ አሉ። ይህ ሐዘንን በሚዛን አስቀምጦ ማቅለል ነው፤ ሐዘንተኛዋም ትክክል ናችሁ ብላ እንድትስማማ ትገደዳለች። ይህ ይቅር ቢባል ደስ ይለኛል። ነገር ግን «ቢያንስ» ሲምፓቲ ከሚባለው ሐዘኔታ አይመጣም። የሚመጣው የሌላውን ሐዘን ለማየት ካለመቻል፣ ቶሎ አልቆ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ከመቸኮል ነው። ሥልጠናው ይህን ጥፋት ለሐዘኔታ አሸክሞት፣ ከእሱ ጋር ብዙ ደህና ነገር አብሮ ጣለ።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚደጋገመውን ነገር በአንድ ጉዳይ ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል የምትሠራ ሴት እናስብ። እናቷ 400 ኪሎ ሜትር ርቀው ደሴ ይኖራሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የታላቅ ወንድሟ ስልክ አጠገቧ ለምትቀመጠው ባልደረባ ይደወላል። «እናታችን አርፋለች። እባክሽ እንዳትሰማ። ነገ ማለዳ ቤቷ መጥተን እናረዳታለን፤ እስከዚያ ግን እንደ ወትሮው ትዋል» ይላል።

ቢሮ የሠራ ሁሉ ይህን ስልክ ያውቀዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በጠረጴዛ ላይም አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ይጠራል። ወድቃ እንዳትጎዳ የሚደግፋት ሰው በአጠገቧ ይቆማል፣ ውኃ ይዘጋጃል። ወጣቶቹ ይህን ልማድ ይቃወሙታል፤ አዋቂ ሰው የእናቱን ሞት ወዲያው የማወቅ መብት አለው ይላሉ። ክርክሩ ዋጋ አለው። ነገር ግን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው እንጂ የፋይናንስ ክፍል አይደለም። ለቢሮው የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ሴት ሌሊቱን በሰላም እንድታድር ማድረግ።

አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባ ሥልጠናውን በደንብ የወሰደች፣ ልቧም ሩኅሩኅ የሆነች ልጅ ናት እንበል። የተማረችውን ታደርጋለች። የጓደኛዋን ቦታ ትይዛለች፣ የራሷን እናት ታስባለች፣ ያ ስልክ ለእሷ ቢደወል ምን እንደምትሆን ይታያታል። ዓይኗ ይሞላል። ወጥታ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች፤ እንደገና ትወጣለች። ጓደኛዋም ተጨንቃ «ምን ሆነሻል?» ስትላት መቋቋም ያቅታትና አንገቷን ታቅፋታለች። በዚያች ቅጽበት መርዶው ተነገረ። ደረሰኝ ይዘው የቆሙ ሰዎች ባሉበት፣ ዘመድ በሌለበት፣ የሚደግፋት ሰው ሳይኖር ወለል ላይ ወደቀች።

በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሴት አለች፤ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት፣ ጡረታዋ የቀረበ ሠራተኛ። ይህ ከመሆኑ በፊት ወሬውን ስትሰማ ከንፈሯን አልመጠጠችም፤ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማንም «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይጽፍ አንድ በአንድ ደውላ አስጠነቀቀች። የቅርብ አለቃቸውን ጠርታ የነገውን ክፍያ ማን እንደሚፈርም አስወሰነች። ሾፌሩን ከንጋቱ 11 ሰዓት እንዲዘጋጅ ነገረችው። ከዚያም ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እንደ ሌላው ቀን ቡና እንጠጣ አለቻት። በሥልጠናው መለኪያ ይህች ሴት ቀዝቃዛ ናት። ስሜት አልገለጠችም፣ አላለቀሰችም፣ ጉድጓዱ ውስጥ አልወረደችም። እናቷ ያረፉባት ሴት ያን ሌሊት ቤቷ በሰላም ታድር የነበረው ግን በእሷ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ የምለው ነገር ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የዚያች ሩኅሩኅ ባልደረባ ልብ ክፉ ነው አላልኩም፤ ደግ ነው። ስሕተቱ ያለው በትምህርቱ ላይ ነው። ራሷን በጓደኛዋ ቦታ ስታስቀምጥ ያየችው የጓደኛዋን እናት ሳይሆን የራሷን እናት ነው። ያለቀሰችውም ለገዛ ፍርሃቷ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ባትሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ለይተውታል። ችግር የደረሰበት ሰው ምን እንደሚሰማው እንዲያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ለሰውየው አዘኑ። ያ ነገር በራሳቸው ላይ ቢደርስ ምን እንደሚሰማቸው እንዲያስቡ የተነገራቸው ግን ከማዘናቸው ሌላ ራሳቸው ተጨነቁ። የተጨነቀ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ጭንቀት ማስታገስ ነው፤ አቅፎ ማልቀስ አንዱ መንገድ ነው፣ ሐዘንተኛውን መሸሽም ሌላው መንገድ ነው። በየቢሮው ሐዘንተኛ ሲያዩ ኮሪዶር የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግዴለሾች አይደሉም። ሐዘኑን ከራሳቸው መለየት ያቃታቸው ናቸው።

አሁን እናቷ ያረፉባት ሴት ወደ ሥራ ወደ ተመለሰችበት ቀን እንሂድ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለሚተዳደር ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ደሴ ደርሳ፣ ቀብራ፣ ሠልስቱን አውጥታ፣ ጥቁር ለብሳ ተመልሳለች። ከበሩ ጀምሮ ሰው ይቀበላታል።

ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። «አሜን» ትላለች። ሙስሊም ባልደረባዋ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላታል። «አሜን» ትላለች። ሁለቱም እጃቸውን ሰጥተው አልፈዋል። እነዚህ ቃላት የተለመዱ መሆናቸው ጉድለታቸው ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጥንካሬያቸው ነው እላለሁ። ተናጋሪውም ሰሚዋም ከመነገራቸው በፊት ያውቋቸዋል። መልሳቸው አንድ ቃል ነው፣ እሱም የተዘጋጀ ነው። ሐዘንተኛዋ ስለ ስሜቷ መግለጫ እንድትሰጥ አይጠይቋትም፣ ፊቷን እንድታስተካክልም አያስገድዷትም። ማን እንዳዘነላት አውቃ ወደ ጠረጴዛዋ ትሄዳለች።

ጠረጴዛዋ ጋ ስትደርስ ሥልጠና የወሰደው ሰው ይጠብቃታል። «ምን እንደሚሰማሽ በደንብ ይገባኛል፤ እኔም አባቴን ያጣሁ ጊዜ…» ብሎ ይጀምራል። አባቱ እንዴት እንደታመሙ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደተኙ፣ እሱ እስከ መቼ እንቅልፍ እንዳጣ ይነግራታል። እሷም ነፍስ ይማር ትለዋለች፣ አይዞህ ትለዋለች፣ ዓይኑ ሲረጥብ ሶፍት ታቀብለዋለች። ሌላዋ መጥታ «እስኪ ንገሪኝ፣ እንዴት ነሽ? ውስጥሽ እንዴት ነው?» ስትላት ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርካለች። ሦስተኛው ሲመጣም እንደገና። እስከ ምሳ ሰዓት አጽናኞቿን ስታጽናና ትውላለች። ሥራዋም አልተሠራም፤ ከሐዘኗም አላረፈችም።

«ይገባኛል» የሚለው ቃል የሚያስከትለው ሌላ ጉዳት አለ። ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 25 ሙከራዎች አድርገዋል። ጥያቄያቸው ራስን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ የሌላውን ሐሳብና ስሜት በትክክል ለማወቅ ይረዳል ወይ የሚል ነበር። በማያውቁት ሰውም፣ በትዳር ጓደኛም ላይ ሞከሩት። ትክክለኛነትን አልጨመረም። የጨመረው ነገር ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ። እናቷን የቀበረችው ሴት ያን ቀን ትልቁ ስሜቷ ናፍቆት ላይሆን ይችላል። በሕክምናው ወጪ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ዓመት ያስታመመች ከሆነች እፎይታ ተሰምቷት፣ በእፎይታዋም አፍራ ሊሆን ይችላል። «ስሜትሽ ይገባኛል» ያላት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመናገር በሩን ዘጋባት፤ እሱ የገባው ሐዘን ሌላ ነውና።

የደረሰበት ሰው ይሻላል የሚለው እምነትም ሊመረመር ይገባል። በቢሮዎቻችን ሐዘንተኛ ሲመለስ «እሷም እናቷን ያጣች ናት፣ እሷ ታናግራት» ተብሎ የሚመረጥ ሰው አለ። ሬቸል ራታን፣ ሜሪ-ሃንተር ማክዶኔልና ሎራን ኖርድግሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ሰዎች ይህንኑ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል፤ መከራውን ያለፈበት ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይራራል ብለው ይገምታሉ። የተገኘው ግን የተለየ ነው። ሥራ አጥነትን ተቋቁሞ የወጣ ሰው፣ መቋቋም አቅቶት ለተሰበረ ሥራ አጥ የነበረው ርኅራኄ ያነሰ ነበር። ያለፈበት ሰው የመከራውን ልክ ይረሳል፤ እኔ ከቻልኩ እሷስ ለምን ያቅታታል ይላል። ይህ በቢሮ ውስጥ የሚሰማው «እኔ እኮ በሳምንቴ ሥራ ገብቼ ሪፖርት አስገባሁ» በሚል ቃል ነው። ተናጋሪዋ ብርታት የሰጠች ይመስላታል። ሰሚዋ ግን እንደ መመዘኛ ትሰማዋለች።

ከተቃዋሚዎቼ ጠንካራው ማስረጃ የሚመጣው ከካናዳ ነው፣ ልሸሸውም አልፈልግም። ሼን ሲንክሌርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 53 የጠና ካንሰር ሕሙማንን ስለ ሦስቱ ነገሮች፣ ስለ ሲምፓቲ፣ ስለ ኢምፓቲና ስለ ርኅራኄ ጠይቀዋል። ሕሙማኑ ሲምፓቲን አልወደዱትም። ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ማዘን፣ ተናጋሪው ራሱን የሚያሳርፍበት ነገር ነው አሉ። ኢምፓቲን ተቀበሉት። ይህን የሰማ ሥልጠና ሰጪ ክርክሩ አለቀ ይላል።

አላለቀም። እነዚያ ሕሙማን የጠሉትን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ከንፈር መምጠጥ እንለዋለን። ከንፈር መጣጭ ምንም አይዝም፣ ምንም አያደርግም፣ ሲጨርስ ይሄዳል። ለቅሶ ደራሽ ግን ጊዜውን፣ እግሩን፣ መዋጮውን ይዞ ይመጣል። በዚያው ጥናት ሕሙማኑ ከሁሉ በላይ ያስቀመጡት ደግሞ ርኅራኄን ነው፤ ምክንያታቸውም ወደ ተግባር ስለሚሄድ፣ ከሚጠበቀው በላይ የሆነች ትንሽ ደግነት ስላለችበት ነው። ትንሽ ደግነት ሳንድዊች ነው። ኢምፓቲና ርኅራኄን አንድ አድርጎ የሚያስተምር ሰው የኦልጋ ክሊሜኪና የታኒያ ሲንገርን ሥራም ሊመለከት ይገባል። እነሱ ሰዎችን መጀመሪያ የሌላውን ሥቃይ አብሮ እንዲሰማቸው፣ በኋላም ለሚሠቃየው መልካም እንዲመኙለት አሠልጥነው ለኩ። የመጀመሪያው ሥልጠና በሰዎቹ ላይ መጥፎ ስሜትን አበዛ፤ ሁለተኛው አሳረፋቸው፣ ጥሩ ስሜታቸውንም ከፍ አደረገ። ለሌላው መልካም መመኘት፣ «ያጽናሽ» ማለት ምን ሌላ ነው?

እስካሁን የተናገርኩት ለአንዲት ሐዘንተኛ ስለሚሆነው ነገር ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። ኢምፓቲ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ራሳችንን በቀላሉ የምናስቀምጠው በሚመስለን ሰው ቦታ ነው፤ በእኩዮቻችን፣ በአለቆቻችን፣ አብረውን ምሳ በሚበሉት። ፖል ብሉም እ.ኤ.አ. በ2016 ኢምፓቲን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ይህን አድልዎ ከዋና ክርክሮቹ አንዱ አድርጎታል፤ ግን መጽሐፍ ሳያስፈልገን በገዛ መሥሪያ ቤታችን ማየት እንችላለን። የዳይሬክተሩ እናት ሲያርፉ የድርጅቱ ሰርቪስ ሁሉ ተሞልቶ ይሄዳል፣ የአበባ ጉንጉን ይታዘዛል፣ ሰው የግል መኪናውን ያስነሣል። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ሲሞት ሁለት ሰው ይሄዳል። ብዙዎቹ ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ይሰማሉ፤ «ምነው አልነገራችሁኝም» ይላሉ፣ በእውነትም ያዝናሉ። ሐዘናቸው ግን መንገድ አላገኘም፤ ስሜታቸው እስኪነሣሣ ሲጠብቁ ቀብሩ አለፈ።

እድር ይህን ችግር ያውቀዋል። ስለዚህም ማጽናናትን ለስሜት አልተወውም። አባል ሲሞት ወይም ዘመድ ሲሞትበት የሚከፈለው ገንዘብ በደንቡ ተጽፏል፤ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ ተወዳጅም ይሁን ጠበኛ መጠኑ አይለወጥም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ለሁሉም ይወጣል። ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ አባል መቅጫ ይከፍላል። «የሚሰማህ ከሆነ ና» አይባልም። ይህን ልብ ማድረቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ሰው በሰው ዘንድ ያለው ክብር በሌላው ልብ መነሣሣት ላይ እንዳይንጠለጠል የተደረገ ጥበቃ ነው እላለሁ። በእድር የሚያስፈራው ጎረቤት እንኳ ብቻውን አይቀበርም።

መሥሪያ ቤትም ከዚህ ሊማር ይችላል። አንድ ድርጅት ለኢምፓቲ ሥልጠና የሚያወጣውን ገንዘብና ሰዓት ወስዶ ሁለት ሦስት ነገር በመመሪያው ቢጽፍ ብዬ እመኛለሁ። ማንም ሠራተኛ ሰው ሲሞትበት ሰርቪስ ይወጣል፤ ለዳይሬክተርም ለጥበቃም ያው ሰርቪስ። መዋጮው ከደረጃ ጋር አይጨምርም አይቀንስም፣ የሰጪዎች ዝርዝር በግድግዳ አይለጠፍም። ከክፍሉ ቢያንስ የቅርብ አለቃው መሄድ አለበት፤ ወዳጅም ሆነ አልሆነ፣ ስሜት ኖረውም አልኖረው።

ከዚያ የሚቀረው ሥራው ራሱ ነው፣ እዚህ ላይ ስሜት ከሁሉ ያነሰ እርዳታ ይሰጣል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስገባል፣ ያነበበውን ደብዳቤ አላነበብኩም ይላል፣ የታወቀ የይለፍ ቃል ይረሳል። ለፋይናንስ ሠራተኛ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም፤ ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በእሷ ስም የሚወጣ የኦዲት ጥያቄ። ስለዚህ አስተዋይ አለቃ በተመለሰችበት ማለዳ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አይላትም። ይህ ቃል ቸር ይመስላል እንጂ ሥራውን ወደ እሷ ይመልሳል፤ የሚያስፈልጋትን የምታስበው እሷ፣ የምትለምነውም እሷ ትሆናለች። ይልቁንስ እንዲህ ይላታል፤ «የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን ለዚህ ወር እኔ እጨርሰዋለሁ። የክፍያ ሰነዶችን ከአንቺ በኋላ ሌላ ሰው ያያቸዋል፣ ይህም ለሁለት ወር ይቀጥላል። የደመወዙን ዝርዝር ግን አንቺ ትይዢዋለሽ ወይስ እሱንም ልውሰደው?» በዚህ ውስጥ የስሜት ቃል የለም። አንዷ «ውሰደው» ትላለች። ሌላዋ «እሱን ተውልኝ፣ እጄ ሥራ ሲይዝ ይሻለኛል» ትላለች። የቱን እንደምትመርጥ ማንም በእሷ ቦታ ተቀምጦ ሊያውቅ አይችልም፤ የኤፕሊ ጥናት የሚለውም ይህንኑ ነው።

በዚያው ማለዳ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፣ እሱም አርባው መቼ እንደሆነ ነው። በሕጉ የተሰጠው ሦስት ቀን ለቀብርና ለሠልስት አልቋል። በአርባው ቀን ግን እንደገና ደሴ መሄድ አለባት፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ካህናቱ፣ ዘመዱ ሁሉ እሷን ይጠብቃሉ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ባልደረባ ደግሞ የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ አለባት፣ ለእሷም የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። የቢሮው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያልቅ ይህን ቀን ማንም አያስታውሰውም። የሥልጠናው አሠራር ደግሞ አያውቀውም፤ ስሜት በዕለቱ ነው የሚኖረው፣ የቀን መቁጠሪያ የለውም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። እናቷ መስከረም 10 ካረፉ አርባው ጥቅምት 19 ይውላል። ድርጅቱ በሚሠራበት አቆጣጠር ይህ ኦክቶበር 29 ነው፤ የወሩ ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የፋይናንስ ክፍል ፈቃድ በማይሰጥበት ሰሞን። አዋጁ ለከባድ ጉዳይ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፣ ያም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ የዓመት ፈቃዷም አለ። የቱን እንደምትጠቀም አሁን መወሰን ይቻላል። አለቃዋ ቀኑን በመስከረም ጽፎ ከያዘው የመዝጊያውን ሥራ ለሌላ ሰው ለመስጠት ከአንድ ወር በላይ ጊዜ አለው። በጥቅምት 17 እሷ ራሷ እየፈራች ቢሮው ገብታ እንድትለምነው ከጠበቀ ግን፣ ስሜቷ የቱንም ያህል ቢገባው የሚላት አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ «ሒሳቡ ሲዘጋ ብትሄጂስ?»